የግብር ክርክር፦ ደረሰኝ የሚመዘነው በኮሚሽን፣ ሕግ የሚመረመረው በፍርድ ቤት

ባሕር ዳር፦ ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያልጠበቀው የክፍያ ማስታወቂያ የደረሰው ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ፍርድ ቤትን ነው። "ዳኛ ፊት ስቀርብ ሰነዴን ሁሉ አወጣለሁ" ብሎ ደረሰኙን በሣጥን ቆልፎ ቀጠሮ ይጠብቃል። ይህ ሐሳብ ግን ብዙ ገንዘብ ሊያስከፍለው ይችላል። በፌዴራል የግብር ሕግ መሠረት የግዢ ሰነድ፣ የመጋዘን መዝገብና የምስክር ቃል ተመዝነው ውሳኔ የሚያገኙት በመደበኛ ፍርድ ቤት ሳይኾን በታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ነው። ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላ የሚመለከተው ኮሚሽኑ ሕጉን በትክክል ተረድቶ ሥራ ላይ አውሎታል ወይ የሚለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ በኮሚሽኑ ፊት ያልቀረበ ደረሰኝ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ኮሚሽኑና ፍርድ ቤቱ በምን እንደሚለያዩ፣ የኮሚሽኑ ነጻነት እስከ ምን ድረስ እንደኾነ፣ ይግባኙም ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በአንድ ምሳሌ ያስረዳል።

ሦስቱ በሮች

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለግብር ከፋዩ ሦስት በሮችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። አንዱን ዘልሎ ወደ ሌላው መግባት አይቻልም።

የመጀመሪያው በር የሚገኘው በግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ግብር ከፋዩ የውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል። በቂ ምክንያት ካለው ጊዜው ከማለቁ በፊት አመልክቶ እስከ 10 ቀናት የሚደርስ ተጨማሪ ጊዜ ሊፈቀድለት ይችላል። ቅሬታውን የሚያጣራው የሥራ ክፍል ግብሩን ከወሰነው ባለሙያ የተለየ ቢኾንም የዚያው መሥሪያ ቤት አካል ነው። አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። በዚህ ደረጃ ያለው አካል ዳኛ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ስሕተቱን ራሱ እንዲያርም የተሰጠው ዕድል ነው።

ሁለተኛው በር የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት ባይኾንም ግብር ከሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ተነጥሎ የተቋቋመ፣ በሕግ የዳኝነት ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው። የቅሬታው ውሳኔ በደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ይቀርብለታል። መሥሪያ ቤቱ ቅሬታውን ተቀብሎ በ180 ቀናት ውስጥ ካልወሰነም ግብር ከፋዩ ዝም ብሎ እንዲጠብቅ አይገደድም። 180ው ቀን ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት በቀጥታ ወደ ኮሚሽኑ መሄድ ይችላል።

ሦስተኛው በር መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በኮሚሽኑ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀናት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ይህ መብት የግብር ከፋዩ ብቻ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱም ሲረታ ይግባኝ ማለት ይችላል። ከዚያ በላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ተፈጽሟል ከተባለ ደግሞ ጉዳዩ እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ሊደርስ ይችላል።

ለምን ከፍርድ ቤት ውጭ?

አንባቢ "ዳኞች እያሉ ሌላ ዳኛ ማቋቋም ለምን አስፈለገ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ ይህን አሠራር በግልጽ ያውቀዋል። አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 78 በበኩሉ የመደበኛ ፍርድ ቤቶችን ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን የተሰጣቸውን ተቋማት ሥልጣን የሚወስዱና በሕግ የተደነገገውን ሥርዐት የማይከተሉ ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤቶች እንዳይቋቋሙ ይከለክላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ከፍርድ ቤት ውጭ ዳኝነት መስጠት እንደሚቻል፣ ነገር ግን በሕግ የተሰጠ ሥልጣንና የታወቀ ሥርዐት ሊኖረው እንደሚገባ ያስረዳሉ።

የኮሚሽኑ ዋና ምክንያት ሙያ ነው። የፍትሐ ብሔር ዳኛ ጠዋት የውርስ፣ ከሰዓት በኋላ የወሰን ክርክር ሰምቶ በማግስቱ የእርጅና ቅናሽን ስሌት ይመረምር ቢባል የሒሳብ አዋቂ መጥራት ይኖርበታል። ኮሚሽኑ ውስጥ ግን በግብር ጉዳይ ልምድ ያላቸው የሕግና የሒሳብ ባለሙያዎች ይቀመጣሉ። አንድ የእህል ነጋዴ በመኸር ወራት ለምን ብዙ ጥሬ ገንዘብ እንደሚያወጣ፣ በክረምት ሽያጩ ለምን እንደሚቀንስ፣ በመጋዘን ሲቀመጥ የሚጎድለው እህል በመዝገብ እንዴት እንደሚታይ ከመነሻው ለማስረዳት አይገደድም። ሒሳቡን ማንበብ የሚችል ሰው ፊቱ ተቀምጧል።

ሌላው ምክንያት የአሠራሩ ቅለት ነው። የኮሚሽኑ ሥራ አንድ ዐይነት ጉዳይ ብቻ በመኾኑ ክርክሩ በሰነድና በአኃዝ ላይ ያተኩራል። ይህ ማለት ግን ማስረጃ ማቅረብ ይቀላል ማለት አይደለም። በአዋጁ መሠረት የግብር ውሳኔው ስሕተት መኾኑን የማስረዳት ሸክም ያለው በግብር ከፋዩ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ "ወጪው በሰነድ አልተደገፈም" ካለ፣ ወጪው በእርግጥ መውጣቱን የሚያሳየው ነጋዴው ነው።

ነጻነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ከሙያው ጎን ለጎን የሚነሣው ጥያቄ ነጻነት ነው። የመደበኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነጻነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 የተጠበቀ ነው። ዳኛው ከሕግ በስተቀር በሌላ ኹኔታ አይመራም። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ያለፈቃዱ ከሥራው የሚነሣውም የዲሲፕሊን ጥፋት መፈጸሙን፣ ጉልህ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ ወይም በሕመም ሥራውን መሥራት አለመቻሉን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሲወስንና የሚመለከተው ምክር ቤት ከግማሽ በላይ በኾነ ድምፅ ሲያጸድቀው ነው።

የኮሚሽኑ አባላት እንዲህ ያለ የሕገ መንግሥት ከለላ የላቸውም። የሚሾማቸው የአስፈጻሚው አካል ነው፤ ግብር የሚሰበስበው መሥሪያ ቤትም የአስፈጻሚው አካል ክፍል ነው። በግብር ጉዳይ ልምድ ካላቸው ሰዎች መካከልም ቀድሞ በግብር መሥሪያ ቤቱ ያገለገሉ ይገኙበታል። ሙያውን ያመጣው ልምድ ቅርበትንም ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንድ ግብር ከፋይ "ዳኛዬ ትናንት የከሳሼ ባልደረባ ነበር" ብሎ ቢሠጋ ሥጋቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም።

ሕጉ ለዚህ ሥጋት የሰጠው መልስ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሥራ ላይ ያለ የግብር ሹም የኮሚሽኑ አባል ኾኖ መሾም አይችልም። ኹለተኛ፣ በቀረበው ጉዳይ ጥቅም ያለው አባል በጉዳዩ እንዳይቀመጥ ይከለከላል። ሦስተኛውና ዋናው የኮሚሽኑ ቃል የመጨረሻ አለመኾኑ ነው። ከበላዩ ሙሉ ነጻነት ያለው ፍርድ ቤት ተቀምጦ የሕጉን አተረጓጎም ይቆጣጠራል።

ይኽ ሦስተኛው ጥበቃ ጥንካሬም ድክመትም አለው። ኮሚሽኑ ሕጉን አጣምሞ ከተረጎመ ፍርድ ቤቱ ያቃናዋል። ኮሚሽኑ አንድን ደረሰኝ ሐሰተኛ ነው ብሎ ካላመነበት ግን ፍርድ ቤቱ በዚያ እምነት ምትክ የራሱን እምነት አያስቀምጥም። ስለዚህ የሙያ ጥቅሙና የነጻነት ጉድለቱ የሚገናኙት በማስረጃ ምዘና ላይ ነው። ግብር ከፋዩ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ማድረግ ያለበትም በዚሁ ቦታ ነው።

የአንድ ማኅበር ጉዳይ በአኃዝ

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ሦስት ወንድማማቾች እህል ከገበሬ ገዝቶ ለከተማ የሚያቀርብ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋሙ እንበል። ማኅበሩ ግብሩን የሚከፍለው ለፌዴራሉ የገቢዎች ሚኒስቴር ነው። የሒሳብ ምርመራ ያደረጉ ባለሙያዎች 900,000 ብር የጤፍና የስንዴ ግዢ በበቂ ሰነድ አልተደገፈም ብለው ከወጪ ሠረዙት። ወጪው ሲሠረዝ በዚያው ልክ ትርፉ ያድጋል። የድርጅት የንግድ ሥራ ገቢ ግብር 30 በመቶ በመኾኑ ማኅበሩ 270,000 ብር ተጨማሪ ግብር እንዲከፍል ተጠየቀ። ነገሩን ለማቅለል መቀጫንና ወለድን እዚህ ላይ አንቆጥርም።

ወንድማማቾቹ መዝገባቸውን ሲያገላብጡ የ200,000 ብሩ ግዢ ምንም ሰነድ እንደሌለው አመኑ። የዚህ ግብር 60,000 ብር ነው። ያልተከራከሩበትን ግብር ሳይከፍሉ የሚቀርብ ቅሬታ ተቀባይነት ስለሌለው ይህን ገንዘብ ከፈሉ። በቀሪው 700,000 ብር ወጪ፣ ማለትም በ210,000 ብር ግብር ላይ ማስታወቂያው በደረሳቸው በ18ኛው ቀን ቅሬታ አስገቡ።

በዚህ ጊዜ ቅሬታው እንዴት እንደሚጻፍ ልብ ማለት ያስፈልጋል። "ግብሩ በዝቶብናል፣ ይታይልን" የሚል ማመልከቻ በቂ አይደለም። የትኛው ወጪ ለምን መያዝ እንደነበረበትና ውሳኔው እንዴት መስተካከል እንደሚገባው በዝርዝር መጻፍ አለበት። ግብር ከፋዩ በኋላ ኮሚሽኑ ፊት ሲቀርብ የሚከራከረው በቅሬታው ላይ በጠቀሳቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። አዲስ ምክንያት ለመጨመር የኮሚሽኑን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። በመጀመሪያው ሳምንት በችኮላ የተጻፈ አንድ ገጽ የክርክሩን ድንበር እስከ መጨረሻው ያሠምራል።

መሥሪያ ቤቱ ቅሬታውን አልተቀበለውም። ማኅበሩ ወደ ኮሚሽኑ ለመሄድ ክርክር ካለበት ግብር 50 በመቶውን፣ ማለትም 105,000 ብር አስቀድሞ ከፈለ። በኮሚሽኑ ፊት ሦስት ዐይነት ማስረጃ አቀረበ። ለ500,000 ብሩ ግዢ የሻጩ ገበሬ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ያለባቸውን በአግባቡ የታተሙ የግዢ ቫውቸሮች አመጣ። ለ120,000 ብሩ የጭነት መኪና ማዘዣዎችን ብቻ አቀረበ። ለቀሪው 80,000 ብር ቫውቸር ባይኖረውም የባንክ ክፍያን፣ የመጋዘን ገቢ ደብተርንና የሻጮቹን ቃል አሰማ።

ኮሚሽኑ ቫውቸር ያለውን 500,000 ብር ተቀበለ። በዚህም ግብሩ በ150,000 ብር ቀነሰ። የ120,000 ብሩን የጭነት ማዘዣዎች መርምሮ ቀኖቹ ከመጋዘን መዝገቡ ጋር ስለማይገጥሙ እንደማያምናቸው ገለጸ። የ80,000 ብሩን ማስረጃ ግን ጨርሶ አልመዘነውም። "ሕጉ ከቫውቸር በስተቀር ሌላ ማስረጃ አይቀበልም" በማለት ብቻ ውድቅ አደረገው።

ማኅበሩ የተረፈበት ግብር 60,000 ብር ነው፤ 36,000ው ለ120,000 ብሩ፣ 24,000ው ለ80,000 ብሩ። ሁለቱም አልተሳኩም፤ ይግባኝ የሚባልባቸው ግን ሁለቱም አይደሉም።

ፍሬ ነገርና ሕግ

በጭነት ማዘዣዎቹ ላይ ኮሚሽኑ ያደረገው ማስረጃን ማመን ወይም አለማመን ነው። ይህ የፍሬ ነገር ጉዳይ ይባላል። እህሉ በእርግጥ ተገዝቷል ወይስ አልተገዛም? ማዘዣው እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም? ማኅበሩ ይህን ይዞ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቢሄድ ፍርድ ቤቱ መልሶ አይመዝነውም። ኪሳራ ያወጣል፣ ጊዜ ያጠፋል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

በ80,000 ብሩ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ግን ሌላ ነው። ኮሚሽኑ "እነዚህን ሻጮች አላምናቸውም" አላለም። "ሕጉ እንዲህ ያለውን ማስረጃ እንድሰማ አይፈቅድልኝም" ነው ያለው። ሕጉ በእርግጥ ይህን ይላል ወይ የሚለው የሕግ ጥያቄ ነው። የከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ወንድማማቾቹ በ24,000 ብሩ ግብር ላይ ብቻ ይግባኝ ሊሉ ይችላሉ። ፍርድ ቤቱ የኮሚሽኑን ውሳኔ ሊያጸና፣ ሊሽር፣ ሊያሻሽል ወይም ማስረጃው በትክክለኛው የሕግ መለኪያ እንደገና እንዲመዘን ጉዳዩን ለኮሚሽኑ ሊመልሰው ይችላል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ይፈጠር እንበል። ከኮሚሽኑ ውሳኔ በኋላ ከወንድማማቾቹ አንዱ የ120,000 ብሩን ቫውቸሮች በአሮጌ ሣጥን ውስጥ አገኛቸው። ቫውቸሮቹ እውነተኛ ናቸው፤ ግብሩም በእርግጥ አይገባም ነበር። የሕግ ጥያቄን ብቻ የሚሰማው ፍርድ ቤት ግን የአዲስ ሰነድ መክፈቻ ቦታ አይደለም። 36,000 ብሩ የጠፋው በዳኛ ስሕተት ሳይኾን ሰነዱ በጊዜው ኮሚሽኑ ፊት ባለመቅረቡ ነው።

ውሳኔው እጅ ሲገባ የሚጠየቀው ጥያቄ እንግዲህ "ፍትሐዊ ነው ወይ?" የሚለው ብቻ አይደለም። "ኮሚሽኑ ጥያቄዬን የጣለው ማስረጃዬን ባለማመን ነው ወይስ ሕጉን በሌላ መንገድ በማንበብ?" የሚለው ይቀድማል። መልሱ ያለው በውሳኔው የምክንያት ክፍል ውስጥ ነው። "አላስረዳም"፣ "ማስረጃው አሳማኝ አይደለም" የሚሉ ቃላት ብዙ ጊዜ ፍሬ ነገርን ያመለክታሉ። "አዋጁ አይፈቅድም"፣ "በአንቀጹ መሠረት ሊያዝ አይችልም" የሚሉት ወደ ሕግ ያደላሉ።

ሥርዐቱ ሲጣስ

ከሕግ ጥያቄዎች መካከል ግብር ከፋዮች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የክርክሩ አመራር ነው። ኮሚሽኑ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ተቀብሎ ለግብር ከፋዩ ሳያሳየው ከወሰነ፣ ቀጠሮ ሳይነገረው ከሰማ፣ በጉዳዩ ጥቅም ያለው ወይም ቀድሞ በዚያው ፋይል ላይ የሠራ ሰው በዳኝነት ከተቀመጠ፣ ወይም ዋናውን ክርክር ያለአንዳች ምክንያት ካለፈው፣ ነገሩ የመሰማት መብትንና የዳኝነትን ገለልተኝነት የሚነካ የሕግ ስሕተት ኾኖ ለፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። የኮሚሽኑ የነጻነት ጉድለት በተግባር የሚታረመው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ለማድረግ ተቃውሞው በዚያው በኮሚሽኑ ፊት መነሣትና በመዝገብ መስፈር አለበት። ባለጉዳዩ አባሉን እያወቀው ዝም ብሎ ውሳኔው ሲከፋበት ብቻ "ቀድሞም ያዳላብኛል" ቢል፣ ፍርድ ቤቱ በመዝገቡ ላይ የሚያነበው ነገር አይኖርም። በቃል የተነገረና ያልተጻፈ ተቃውሞ ለይግባኝ ሰሚው እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

አስቀድሞ የሚከፈለው ገንዘብ

የይግባኙ መንገድ በጊዜ ብቻ ሳይኾን በገንዘብም የታጠረ ነው። ወደ ኮሚሽኑ ለመግባት በአዋጁ መሠረት ክርክር ካለበት ግብር 50 በመቶው፣ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ 75 በመቶው ተከፍሎ መገኘት አለበት። በምሳሌያችን ማኅበሩ ይግባኝ የሚልበት ግብር 24,000 ብር ስለኾነ 75 በመቶው 18,000 ብር ነው። ቀደም ሲል የከፈለው 105,000 ብር ከዚህ ስለሚበልጥ በዚህ ደረጃ ገንዘብ አያስቸግረውም። በኮሚሽኑ ሙሉ በሙሉ የተረታ ሰው ግን 50 በመቶውን ከከፈለ በኋላ ሌላ 25 በመቶ መፈለግ ይኖርበታል።

የዚህ ደንብ ዓላማ ግብርን ለማዘግየት ብቻ ይግባኝ የሚሉትን መግታት ነው። ጉዳቱ ደግሞ የተሳሳተ ግብር የተጫነበትንና እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሌለውን ሰው ከበሩ ላይ ሊመልሰው መቻሉ ነው። የተጠየቀው ግብር ስሕተቱ በበዛ ቁጥር ስሕተቱን ለማሳረም የሚከፈለውም ገንዘብ ይበዛል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው በር፣ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ቅሬታ ማጣሪያ፣ ቸል የሚባል አይደለም። በዚያ ደረጃ የሚከፈለው ያልተከራከሩበት ግብር ብቻ ነው። በዚያ የተስተካከለ እያንዳንዱ ብር ለቀጣዩ በር የሚጠየቀውንም ክፍያ ይቀንሳል።

በክልል ለሚከፍል ነጋዴና ለገበሬ

እስካሁን የተገለጸው የፌዴራሉ አዋጅ ነው። ክልሎች የራሳቸው የግብር ሥልጣንና የግብር ሕግ ስላላቸው ግብሩን ለክልሉ ገቢዎች የሚከፍል ግለሰብ ነጋዴ የሚዳኘው በክልሉ አዋጅ ነው። ቀኖቹንና መቶኛውን በክልሉ አዋጅና በማሻሻያዎቹ ማረጋገጥ ያስፈልገዋል። በፌዴራሉ አዋጅ ከሚገኘው ቁጥር ተነሥቶ "30 ቀን አለኝ" ብሎ መቀመጥ መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

ለገበሬው ደግሞ ይህ መሰላል በይበልጥ የሚያጋጥመው በመሬት ጉዳይ ነው። ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ የመሬት ይዞታና የሚከፈለውን ካሳ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው በቅድሚያ ለአቤቱታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲያመለክት የሚያደርግ ሥርዐት ዘርግቷል። በዚህም ላይ መሠረታዊው ነገር አንድ ነው። የባሕር ዛፉ ስንት እግር እንደነበረ፣ የማሳው ስፋት ምን ያህል እንደኾነ፣ የዓመቱ ምርት ስንት ኩንታል እንደነበረ በማስረጃ የሚጻፈው ከታች ነው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ማሳው ታርሶ መንገድ ከኾነ በኋላ ቆጠራውን መድገም አይቻልም። የንብረት ቆጠራ ቅጹ ሲሞላ ገበሬው አንብቦ ወይም አስነብቦ፣ የጎደለውን ዘርዝሮ፣ ልዩነት ካለው ልዩነቱን በቅጹ ላይ አስጽፎ መፈረም ይገባዋል።

ማስታወቂያው የደረሰበት ቀን

በመጨረሻ፣ ሁሉም ጊዜ የሚቆጠረው ከአንድ ቀን ነው፤ ማስታወቂያው ከደረሰበት ቀን። ብዙ ክርክሮች ወደ ፍሬ ነገሩም ኾነ ወደ ሕጉ ሳይገቡ የሚዘጉት በዚህ ነው። ማስታወቂያውን የሱቁ ሠራተኛ ሰኞ ተቀብሎ ፈርሞ ለባለቤቱ ዓርብ ቢሰጠው ባለቤቱ ቀኑን ከዓርብ ይቆጥራል፣ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ግን የሚያሳየው ሰኞን ነው። ስለዚህ ወረቀቱ እጅ በገባበት ቅጽበት ማን፣ በየትኛው ቀን እንደተቀበለው በራሱ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ቅሬታውም ሲገባ ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ ተይዞ ይመለስ።

ደረሰኞቹ፣ ቫውቸሮቹና የመጋዘን ደብተሩ ከሣጥኑ የሚወጡትም በዚያው ሳምንት ነው። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ የሚጠብቀው ሕጉን ነው፤ ደረሰኙን የሚያየው ዐይን ያለው ከእርሱ በታች ባለው ደረጃ ነው።